ካፕሽኑ ሰውን አዳራሹ በር ድረስ ያድርስ፦ የማኅበራትን ገጾች ለሚያስተዳድሩ ልጆች ያደረግኩት ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ! ከኋላ ያላችሁት ይሰማል? እሺ፣ ወደፊት ጠጋ በሉ፤ ወንበር አለ።

ስለጋበዛችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ማስታወቂያ አጻጻፍ ንገሪን» ነው ያሉኝ። እኔ ግን ጠበብ አድርጌው መጥቻለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮንፈረንስ ሲዘጋጅ ከፖስተሩ ሥር ስለምንጽፈው ካፕሽን። ማን እንደሚናገር፣ ምዝገባው መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼና የት እንደሚካሄድ የሚናገረው ያ አጭር ጽሑፍ። ብዙዎቻችሁ የማኅበራችሁን ቴሌግራምና ኢንስታግራም የምታንቀሳቅሱ ናችሁ፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በወር አንዴ ባትጽፉት በዓመት አንዴ አይቀርላችሁም።

ለምን ይህን መረጥኩ? ምክንያቱም እኔ ለዓመታት ካፕሽን ጸሐፊም የምዝገባ ጠረጴዛ አስተናጋጅም ነበርኩ። ሁለቱን አንድ ላይ መሥራት ትልቅ ትምህርት ነው። ምሽት ላይ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ላይ ሰው ሆኖ ፊቴ ይቆማል።

አንዱን ልንገራችሁ። አንድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ስም እያየሁ ባጅ እሰጣለሁ። ትልቅ ሻንጣ የያዘ ሰው መጣ፣ ስሙን ነገረኝ፣ ፈለግኩ፣ የለም። ደግሜ ፈለግኩ። የለም። «ተመዝግበዋል?» አልኩት። «ምዝገባው እስከ ነገ ነው ብላችሁ የለ?» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። የስልኩ መስታወት ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ መሃል እኔ የጻፍኩት ካፕሽን ይታያል። ምን ይላል? «የመጨረሻ ቀን» ይልና ቀኑን ይጠቅሳል። የምን የመጨረሻ ቀን? እኔ ስጽፈው የኮንፈረንሱን የመጨረሻ ቀን ማለቴ ነበር፤ የሁለት ቀን ጉባኤ ነው፣ ሁለተኛውን ቀን ለመጥቀስ ነው። እሱ የምዝገባ የመጨረሻ ቀን ብሎ አነበበው። ፍርዱን ለእናንተ ልተው፤ ማን ነው የተሳሳተው? እሱ አይደለም። ያ ሰው ሌሊቱን በመኪና ሲጓዝ አድሮ ነው የመጣው። አዳራሹ ሞልቶ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ድረስ ኮሪደር ላይ ቆመ። ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሳየው የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፕሽን ስጽፍ የማስበው አንድ ሰው ነው፤ ያንን ሰው። ፖስተሩን አላየም፣ የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ የለም፣ በእጁ ያለው ያ ጽሑፍ ብቻ ነው። ያ ጽሑፍ ብቻውን በሩ ድረስ ያደርሰዋል ወይ?

አራት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ የመጀመሪያው መስመር፣ ሁለተኛ ተናጋሪዎቹ፣ ሦስተኛ ቀንና ሰዓት ከነምዝገባው፣ አራተኛ ቦታው። ሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚያ ነው።

አንደኛ፦ የመጀመሪያው መስመር

ብዙ ጊዜ እንዲህ ብለን እንጀምራለን፦ «ለተከበራችሁ ተከታታዮቻችን በሙሉ፤ ሁለተኛውን ዓመታዊ ኮንፈረንሳችንን በታላቅ ድምቀት ልናካሂድ በመሆኑ የተሰማንን ልባዊ ደስታ እየገለጽን…» ደስታው እውነት ነው፤ ክፉ ነገር የለበትም። ግን ቁጠሩት። እኔ ቆጥሬዋለሁ። ከክፍት ቦታው ጋር 86 ፊደል ሆኗል፤ ቀን የለም፣ ቦታ የለም፣ ኮንፈረንሱ ስለምን እንደሆነ እንኳ የለም።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ኢንስታግራም ላይ ካፕሽን እስከ 2,200 ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ሰው ገጹን እያንሸራተተ ሲያልፍ የሚታየው የመጀመሪያው 125 ያህል ብቻ ነው። የቀረው ተደብቆ «ተጨማሪ» የሚለውን መንካት ይጠይቃል። በእኛ ፊደል 125 ማለት በግምት 20 ቃል ነው። እነዚያን 20 ቃላት በሰላምታ ከጨረስናቸው አንባቢው አውራ ጣቱን አንሸራቶ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ይህንን ስሙኝ፦ «የሒሳብ መምህራን ኮንፈረንስ፦ ቅዳሜ ኅዳር 5 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት። ምዝገባ አርብ ጥቅምት 20 ይዘጋል።» ይህ 80 ፊደል ነው። ለማን እንደሆነ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ መቼ መመዝገብ እንዳለበት አለ። ገና 45 ፊደል ተርፎናል፤ የዋናዋን ተናጋሪ ስም ማስገባት ይቻላል። ሰላምታውስ? ሰላምታው መጨረሻ ላይ ይቀመጥ። ማንም አይከፋበትም።

እግረ መንገዴን ስለ ፖስተሩም አንድ ነገር ልበል። «ዝርዝሩ ፖስተሩ ላይ አለ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እባካችሁ አትጻፉ። ፖስተሩ ኔትወርክ ደካማ ሲሆን አይከፈትም። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ለጓደኛው የሚልክ ሰው ፖስተሩን ትቶት ነው የሚልከው። ማየት የተሳነው ሰው ደግሞ ስልኩ ጽሑፉን ድምፅ አድርጎ ያነብለታል፤ ፎቶ ውስጥ የተሳለ ፊደል ግን የሥዕሉ መግለጫ ካልተጻፈለት በስተቀር አስተማማኝ ሆኖ አይነበብለትም። አንድ ወንድማችን «እናንተ ጋ ኮንፈረንስ እንዳለ አወቅኩ፤ መቼ እንደሆነ ግን አላወቅኩም» ብሎ ድምፅ ልኮልኝ ያውቃል። ፖስተሩ ላይ ቀኑ በትልቁ ተጽፎ ነበር። ካፕሽኑ ላይ የለም።

ፖስተሩ ላይ ያለው ኪውአር ኮድም እንደዚያው ነው። ግድግዳ ላይ ለተለጠፈ ፖስተር ግሩም ነው። ግን ፖስቱን በስልኩ የሚያይ ሰው በምን ስካን ያድርገው? የራሱን ስልክ በራሱ ስልክ? አንዳንዱ ስክሪንሾት አንስቶ መክፈት ይችልበታል፤ ብዙው አይችልበትም። ስለዚህ የምዝገባው ሊንክ በጽሑፍ ይኑር። ኢንስታግራም ካፕሽን ላይ ደግሞ ሊንክ ቢጻፍም ሲነኩት አይከፈትም፤ ስለዚህ እዚያ «ሊንኩ ከገጻችን መግለጫ ላይ አለ» በሉና በእርግጥም እዚያ አስቀምጡት። ቴሌግራም ላይ ይከፈታል። አንዱን ካፕሽን ሁሉም ቦታ ገልብጦ መለጠፍ እዚህ ላይ ነው የሚያስቸግረው።

ሁለተኛ፦ ተናጋሪዎቹ

ሰው ኮንፈረንስ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ አንድን ሰው ለመስማት ነው። ስለዚህ ዋና ንግግር አቅራቢዎቹ፣ ኪኖት የምንላቸው፣ ከሌሎቹ ተለይተው መታወቅ አለባቸው። ስምንት ስም በአንድ መስመር ደርድረን «እና ሌሎችም» ስንል፣ የአንድ ሰዓት ንግግር የምታቀርበዋና በውይይት መድረክ ላይ አሥር ደቂቃ የሚናገረው እኩል ሆኑ። ሁለት ዋና ተናጋሪ ካለ ሁለቱን ብቻ በስም እንጥራ። ሌሎቹን በሌላ ቀን በሌላ ፖስት እናመጣቸዋለን።

ለእያንዳንዳቸው ሦስት ነገር ይበቃል። ሙሉ ስም ከነማዕረጉ፣ የሚሠሩትን በአንድ ሐረግ፣ የሚናገሩበትን ርዕስ። ርዕሱን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ሰው ግን ተናጋሪዋን ላያውቃት ይችላል፤ «ክፍልፋይ ለምን ተማሪን ያስቸግራል?» የሚለውን ርዕስ ሲያይ ግን የራሱ ክፍል ትዝ ይለዋል፣ ይመጣል። የትምህርትና የሥራ ታሪኩን ሁሉ ካፕሽን ላይ አታፍስሱት። እሱ ለፕሮግራሙ መጽሔት ነው።

ማዕረግ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ አንዲትን ምሁር «ፕሮፌሰር» ብዬ አወጣሁ። ተባባሪ ፕሮፌሰር ናቸው። በማግስቱ ደወሉልኝና በጣም በትሕትና «ልጄ፣ ያልሆንኩትን ነኝ ያልኩ ይመስልብኛል፤ ባልደረቦቼ ያዩታል» አሉኝ። ለእኔ አንድ ቃል ናት። ለእሳቸው ስማቸው ነው። አስተካከልኩት፤ ግን እስከዚያ ብዙ ቦታ ፎርዋርድ ተደርጓል። ቴሌግራም ላይ እኛ ዋናውን ፖስት ብናርመው ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈው ቅጂ እንደነበረ ይቀራል። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ምን አደርጋለሁ? ከመለጠፌ በፊት ስለ ተናጋሪው የጻፍኳቸውን ሁለት መስመሮች ለራሱ ለተናጋሪው እልክለታለሁ። «እንዲህ ብዬ ላወጣ ነው፤ ስምዎ፣ ማዕረግዎ፣ ርዕስዎ ልክ ነው?» ብዬ። መልሱ በጽሑፍ ሲመጣ እለጥፋለሁ። ይህ ሁለተኛ ጥቅም አለው፤ መምጣታቸው የተረጋገጠ መሆኑንም እዚያው ታውቃላችሁ። በስልክ «እሞክራለሁ» ያለን ሰው «ይገኛሉ» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። ያልተረጋገጠ ከሆነ ዝም በሉ፤ ሲረጋገጥ አዲስ ፖስት ይሆናችኋል፣ እንዲያውም ለማስታወስ ይጠቅማል።

ሌላው ደግሞ ተናጋሪው በአካል ነው ወይስ በቪዲዮ? በቪዲዮ ከሆነ ጻፉት። «በኦንላይን ያቀርባሉ» ሁለት ቃል ናት። አንድ ጉባኤ ላይ አንዲት አስተማሪ የተናጋሪውን መጽሐፍ ለማስፈረም ይዛ መጥታ ነበር። መጽሐፉን በጋዜጣ ሸፍናዋለች፤ እንዳይቆሽሽ። መብራቱ ጠፍቶ ስክሪኑ ሲበራ መጽሐፉን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። አጠገቧ ነበርኩ። ማንም የዋሻት የለም፤ ግን ማንም አልነገራትም።

የሌላ ቋንቋ ስም ሲሆን በእኛ ፊደልም በራሱ ፊደልም አስቀምጡት። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ የውጭ ስም ሰው ፈልጎ ሊያገኘው አይችልም፤ ሦስታችን ብንጽፈው በሦስት ዓይነት ነው የምንጽፈው።

ሦስተኛ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ምዝገባ

እዚህ ጋ እንቆይ።

የእኛ አንባቢ ሁለት ዘመን አቆጣጠርና ሁለት ሰዓት አቆጣጠር በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚኖረው። ስልኩ አንዱን ያሳየዋል፣ አፉ ሌላውን ይናገራል። ስለዚህ ቀንን በቁጥር ብቻ መጻፍ ለእኛ ከማንም በላይ አደገኛ ነው። ምሳሌያችንን እንያዝ። ኅዳር 5 ቀን 2019 ዓ.ም. በቁጥር ሲጻፍ 5/3/2019 ይሆናል። ይህንን ስልኩን በጎርጎርዮሳዊው የሚያነብ ሰው እንዴት ያየዋል? ማርች 5 ቀን 2019 አድርጎ። ወይም ወር የሚያስቀድም ከሆነ ሜይ 3 ቀን 2019 አድርጎ። ሁለቱም ያለፈ ዓመት ነው! «አሮጌ ፖስት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሳይመጣ የቀረው ስላልፈለገ አይደለም፤ ያለፈ መስሎት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሳምንቱን ቀን ጻፉ፣ ወሩን በስሙ ጻፉ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር አስቀምጡ፦ «ቅዳሜ ኅዳር 5 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኖቬምበር 14፣ 2026)።» የሳምንቱ ቀን ለምን? ማረጋገጫ ነው። ቀኑን ስትቀይሩ ከተሳሳታችሁ ቅዳሜ ያላችሁት ካሌንደሩ ላይ አርብ ሆኖ ይገኝና ስህተቱን ራሳችሁ ትይዙታላችሁ። እኔ ሁልጊዜ ስልኬን ከፍቼ ሦስቱ ይገጣጠማሉ ወይ ብዬ አያለሁ፤ የእኛ ቀን፣ የእነሱ ቀን፣ የሳምንቱ ቀን። ከሦስቱ አንዱ ካልገጠመ አንዱ ስህተት ነው።

ሰዓቱም እንደዚያ ነው። «3:00 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ ስትጽፉ ጠዋት ይሁን ከሰዓት አይታወቅም። በአዳራሽ የሚመጣው ሰው ጠዋት መሆኑን ይገምት ይሆናል። በኦንላይን የሚገባው ግን ሊንኩን የሚከፍተው ስልኩ ላይ 3:00 ሲል ነው፤ ያ ደግሞ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይገባል፤ ፕሮግራሙ አልቋል። ስለዚህ «ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት (9:00 AM)» በሉ። ከሌላ አገር የሚከታተል ሰው ካለ ደግሞ UTC የሚለውን ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት ጨምሩ፤ በዚህ ምሳሌ 6:00 UTC ይሆናል። የትም አገር ያለ ሰው ከዚያ ተነስቶ የራሱን ያሰላል።

አሁን የምዝገባ ማብቂያው። መጀመሪያ፣ «ዴድላይን» ወይም «የመጨረሻ ቀን» የሚለውን ቃል ብቻውን አታቁሙት። የምን? የሻንጣውን ሰው አስታውሱ። ኮንፈረንስ ላይ ብዙ ማብቂያ ሊኖር ይችላል፤ የጥናት አጭር መግለጫ የሚላክበት፣ በቅናሽ የሚመዘገቡበት፣ መደበኛው ምዝገባ። ሁሉንም አንድ ካፕሽን ላይ ከደረደራችኋቸው ሰው የመጀመሪያውን ያየውን ይይዛል። የዛሬው ካፕሽን ለተሳታፊ ከሆነ የተሳታፊውን ብቻ ጻፉ። ጥናት ለሚያቀርቡ ሌላ ፖስት ይሠራላቸዋል።

ቀጥሎ፣ በየትኛው ሰዓት ይዘጋል? «እስከ አርብ» ማለት ምን ማለት ነው? አርብን ይጨምራል? ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደላከልኝ አልቆጥረውም። «አርብን ጨምሮ» የምትል ቃል ጻፉ። «አርብ ሌሊት 6 ሰዓት» ከማለት ግን ተቆጠቡ። አንዱ አርብ መሽቶ ወደ ቅዳሜ የሚሻገርበት ሌሊት ነው ይላል፤ ሌላው ሐሙስ ለአርብ አጥቢያ ነው ይላል። ሁለቱም አማርኛ ያውቃሉ፤ ግን የአንድ ቀን ልዩነት አላቸው። ሌሊቱን ካልተዋችሁት 11:59 PM ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ በየትኛው ቀን ውስጥ እንዳለ ግልጽ ነው።

እኔ ግን ሌሊት መዝጋትን ጨርሶ ትቻለሁ። ለምን መሰላችሁ? የመጨረሻው ቀን ላይ የሚመዘገበው ሰው ብዙ ነው፤ ሊንኩ እምቢ የሚለውም፣ ኢሜይሉን የሚሳሳተውም ያኔ ነው። ሌሊት ከሆነ ማን ይረዳዋል? ከምሽቱ 12፡00 ሰዓት፣ 6:00 PM፣ ላይ ስትዘጉ ቀኑን ሙሉ ስልክ የሚያነሳ ሰው አለ። ዓለም አቀፍ የጥናት ጉባኤዎች አንዳንዴ «በምድር የትም ቦታ» የሚል ልማድ አላቸው፤ ከUTC 12 ሰዓት ወደ ኋላ ባለው ሰዓት ቀኑ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ለእነሱ ተስማሚ ነው፤ ተሳታፊያቸው በየአህጉሩ ነው። የእናንተ ተሳታፊ አንድ አካባቢ ከሆነ ግን ግራ ከማጋባት በቀር አይረዳም።

ሌላም አለ፤ ቦታው ቀድሞ ከሞላስ? አዳራሹ የሚይዘው ሰው የተወሰነ ከሆነና ቀድሞ ሲሞላ የምትዘጉ ከሆነ «ቦታ ከሞላ ቀደም ብሎ ሊዘጋ ይችላል» በሉ። በዕለቱ በር ላይ ምዝገባ አለ ወይስ የለም? ከሌለ «በዕለቱ በር ላይ ምዝገባ የለም» ብላችሁ ቁርጡን ተናገሩ። ይህቺ አራት አምስት ቃል ያንን ሰው ከጉዞ ታድነው ነበር።

ነጻ ነው ወይስ ክፍያ አለው? እሱንም ጻፉ። ክፍያው ሳይጻፍ ሲቀር ሰው ውድ ነው ብሎ ገምቶ ይተወዋል ወይም ነጻ ነው ብሎ መጥቶ ያፍራል።

አራተኛ፦ ቦታው

ይህን በአጭሩ። የሕንጻው ስም ብቻ አይበቃም። የትኛው በር፣ ስንተኛ ፎቅ፣ የአዳራሹ ስም ወይም ቁጥር። «በተለመደው አዳራሻችን» አትበሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣው የተለመደ ነገር የለም፣ ካፕሽኑን በጣም የሚፈልገው ደግሞ እሱ ነው።

የካርታ ሊንክ ስታስገቡ ራሳችሁ ተከተሉት። አንዴ ምልክቱ ሰፊ ግቢ መሃል ላይ አረፈና ካርታው ሰውን በኋላ በር በኩል ወሰደው። የኋላው በር ተቆልፏል። ስልኬ መጮህ ጀመረ፤ «ደርሻለሁ ይለኛል፤ ግን አጥር ነው ያለው» ይለኛል አንዱ። በአጥሩ ጥግ ዞሬ ስሄድ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ሰልፍ ይዘው በሩ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ቀን በፊት ስልኬን ይዤ፣ ቦታውን እንደማላውቅ ሆኜ፣ ካርታው የሚለኝን እየተከተልኩ በእግሬ እሄዳለሁ። ምልክቱን የምናስቀምጠው የምንገባበት በር ላይ ነው።

መግቢያ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል? ፍተሻ አለ? ካለ ሰው ሰዓቱን ያስላ፤ «በሩ 2፡00 ሰዓት ይከፈታል፣ መታወቂያ ይያዙ» በሉ። በዊልቸር የሚመጣ ሰው ሊፍት አለ ወይ ብሎ ይጨነቃል፤ ካለ ጻፉለት። ከሌለ ደግሞ የሚደውልበትን ቁጥር ጻፉለት።

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ እናድርገውና ላንብብላችሁ። ስም ባለበት ቦታ ባዶ ትቻለሁ፤ እናንተ ትሞሉታላችሁ።

«የሒሳብ መምህራን ኮንፈረንስ፦ ቅዳሜ ኅዳር 5 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኖቬምበር 14፣ 2026)፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት (9:00 AM)። ምዝገባ አርብ ጥቅምት 20 ይዘጋል።

ዋና ተናጋሪዎች፦
ዶ/ር ______፣ የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪ። ርዕስ፦ ክፍልፋይ ለምን ተማሪን ያስቸግራል?
መምህርት ______፣ የ2ኛ ደረጃ አስተማሪ። ርዕስ፦ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል የቃል ጥያቄ አጠያየቅ። (በኦንላይን ያቀርባሉ)

ምዝገባ፦ እስከ አርብ ጥቅምት 20 (ኦክቶበር 30) ከምሽቱ 12፡00 ሰዓት (6:00 PM)፣ አርብን ጨምሮ። ነጻ ነው። ቦታ ከሞላ ቀደም ብሎ ሊዘጋ ይችላል። በዕለቱ በር ላይ ምዝገባ የለም። መመዝገቢያ፦ ______

ቦታ፦ ______ ሕንጻ፣ 2ኛ ፎቅ፣ ______ አዳራሽ፣ በዋናው በር በኩል። ሊፍት አለ። በሩ 2፡00 ሰዓት (8:00 AM) ይከፈታል፤ መታወቂያ ይያዙ። ካርታ፦ ______

ጥያቄ ካለ፦ ______። በደስታ እንጠብቃችኋለን!»

አያችሁ? ሰላምታው መጨረሻ ላይ አለ። ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ጋር የሚሄድ ካፕሽን በመደበኛው አካውንት ከ1,024 ፊደል ማለፍ አይችልም፤ ይህ ስሞቹና ሊንኮቹ ተሞልተውም በሰላም ይገባል። መጀመሪያው መስመር ላይ ሁለተኛውን ካሌንደር ስለጨመርኩበት ትንሽ ረዘመ፤ ለኢንስታግራም ቅንፎቹን ከመጀመሪያው መስመር አውርዳችሁ ታች ብታስቀምጧቸው ይሻላል።

አንድ ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር፤ ስህተት ሲገኝ ወይም አዳራሽ ሲቀየር። የቀድሞውን ፖስት ማረም ብቻ አይበቃም። የታረመ ፖስት ለተከታታይ አዲስ ማሳወቂያ ሆኖ አይደርስም፤ ፎርዋርድ የተደረገውም አይለወጥም፤ ስክሪንሾት ያነሳው ሰው ጋ ያለውም እንዲሁ። ስለዚህ ሁለቱንም አድርጉ። የድሮውን አርሙት፣ ከዚያ አዲስ ፖስት አውጡ። አዲሱ «ማስተካከያ» በሚል ቃል ይጀምር፣ የተለወጠውን አንዱን ነገር ብቻ ይናገር፦ «ማስተካከያ፦ አዳራሹ ተቀይሯል። ቀኑና ሰዓቱ አልተቀየረም።» ያልተቀየረውን መናገር ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ሰው ሁሉም የተቀየረ ይመስለዋል። ለተመዘገቡት ደግሞ በየስልካቸው ወይም በኢሜይል ላኩላቸው። ገጻችሁን ያያሉ ብላችሁ አትተማመኑ። የድሮው አዳራሽ በር ላይም በዕለቱ አንድ ልጅ ይቁም። እኔ አንድ ጊዜ ቆሜያለሁ፤ ከማስተካከያው በኋላም 14 ሰው መጥቶ ነበር፣ ሁሉንም ወደ አዲሱ ሸኘኋቸው።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ማኅበራችሁ በቅርቡ ያወጣውን ማስታወቂያ ክፈቱና ከአጠገባችሁ ላለው ሰው ካፕሽኑን ብቻ አንብቡለት፤ ፖስተሩን አታሳዩት። ከዚያ እሱ መቼ፣ የት፣ በየትኛው በር፣ እስከ መቼ እንደሚመዘገብ በራሱ አፍ ይንገራችሁ። የተንተባተበበት ቦታ ላይ አስምሩ። አሥር ደቂቃ አለን። እኔ በመካከላችሁ እዞራለሁ፤ የምትጠይቁኝ ካለ እጃችሁን አንሡ።